16 ዓመት ሞልቶታል፤ ግን ለየትኛው ሥራ?

«ሰላም ለእናንተ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ሊቀጥረው ነው። ባለቤቱ "ማሽን አይነካም፤ የሚጠርግና የሚያቀብል ልጅ ነው የምፈልገው" ብሎኛል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ ማታ 12 ሰዓት ይወጣል። ሥራ ሲበዛ ማምሸት አለ። ሕጉ 15 ዓመት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ ችግር የለውም አይደል?»

ለመቀጠር ዕድሜው ይበቃል። እዚያ ላይ ልክ ነዎት። ግን ከነገሩኝ ውስጥ ሦስት ነገር አላማረኝም፦ ማቀበሉ፣ መጥረጉና ማምሸቱ። መጥረግ ደግሞ ምን አደጋ አለው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ 15 ዓመቱ። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ከወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ነው። ስምምነቱ ዝቅተኛው የመቀጠሪያ ዕድሜ ከ15 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ልጁ የግዴታ ትምህርቱን ከሚጨርስበት ዕድሜም እንዳይቀድም ያዛል። ኢኮኖሚያቸው ገና ያልጠነከረ አገሮች ለጊዜው 14 ብለው መጀመር ይችላሉ። ጤናን የማይጎዳና ከትምህርት የማያስቀር ቀላል ሥራ ሲሆን ደግሞ አገሮች ከ13 ዓመት ጀምሮ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

የሚረሳው ሌላው ቁጥር ነው፤ 18። ያው ስምምነት የልጁን ጤና፣ ደህንነት ወይም ሥነ ምግባር ሊጎዳ ለሚችል ሥራ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስምምነት ቁጥር 182 ይህንኑ አጥብቆ ደገመው። ይህኛውን የድርጅቱ አባል አገሮች በሙሉ፣ 187ቱም፣ አጽድቀውታል። የመጨረሻዋ ቶንጋ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2020። ስለዚህ በብዙ አገር ልጅዎ 15 አለፈ ማለት ተራ ሥራ ተፈቀደለት ማለት ነው። አደገኛ ሥራ ለመሥራት ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

አሁን ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም? እዚህ ላይ አሠሪም ወላጅም የሚሳሳቱት በመደቡ ስም ስለሚሄዱ ነው። «ረዳት ነው»፣ «ተላላኪ ነው»፣ «ጽዳት ነው» ይባላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ስሙን አይደለም የሚያየው። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ እጁ የት እንደነበር ነው የሚጠይቀው። ስምምነት 182ን ተከትሎ የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 190 አገሮች የአደገኛ ሥራ ዝርዝር ሲያወጡ ምን ምን እንዲያዩ ይነግራል። አደገኛ ማሽንና መሣሪያ፣ ከባድ ሸክም፣ ጎጂ ኬሚካልና አቧራ፣ ድምፅና ንዝረት፣ ረጅም ሰዓትና የሌሊት ሥራ ከነዚህ መካከል ናቸው። ሌሎችም አሉ፣ ለእርስዎ ጉዳይ ግን የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው። የእንጨት ወርክሾፕ ደግሞ ካልተጠነቀቁ ሁሉንም በአንድ ቀን ያገናኛል።

ከማቀበሉ እንጀምር። ጣውላ ከማሽን ላይ ሲሰነጠቅ ሁለት ሰው ይቆማል። አንዱ ከፊት ሆኖ ይገፋል። ሌላው ከኋላ ሆኖ የሚወጣውን ይቀበላል። ከኋላ ያለው ማሽን «አልነካም»፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ጋ አይደርስም። ባለቤቱ የነገረዎት በዚህ ስሌት ከሆነ ቃሉን ጠብቋል። አደጋው ግን አብሮ አለ። የሚሽከረከረው መጋዝ የኋላ ጥርሶች ወደ ላይ ይወጡና ወደ ገፊው ይመለሳሉ። ተቀባዩ ጣውላውን ትንሽ ወደ ጎን ካጠመመው፣ ወይም የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ከተገጣጠመ፣ ጥርሱ እንጨቱን ይነክሰዋል። ያኔ ጣውላው ወደ ገፊው ሆድ ይወረወራል። ይህ ሁሉ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ጣውላውን የያዘ እጅም ወደ ምላጩ ሊጎተት ይችላል። ሌላው ደግሞ ምላጩ አጠገብ የቀረች ቁራጭ አለች። ልምድ የሌለው ልጅ አይቶ ዝም አይላትም፤ እጁን ሰድዶ ሊያነሳት ይሞክራል። ብልህ ነኝ ብሎ ሳይሆን ለመርዳት ነው።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የእንጨት ማሽኖችን ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ማስተካከልን፣ መጠገንን፣ ዘይት ማጠጣትን፣ ማጽዳትንም የሚከለክለው። ከሚሽከረከር መጋዝ ጀርባ ቆሞ እንጨት መቀበልንም በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። የሌላ አገር ዝርዝር እንዲህ ላይተነትን ይችላል። ሲያነቡ ግን «ማሽን ላይ መሥራት» የሚለውን እንደ ማብሪያ መጫን ብቻ አይተርጉሙት። ማሽን ማጽዳት በተለይ ያሳስበኛል። ማብሪያው ጠፍቶም ምላጩ ለጥቂት ሰከንዶች ይዞራል። ድምፁ ሲቀንስ ልጁ የቆመ ይመስለዋል። ደግሞም ሶኬቱ ካልተነቀለ ሌላ ሰው ሳያይ ሊያስነሳው ይችላል።

እንግዲህ ማቀበል ሲባል ምን እንደሆነ ይለዩ። ያልተሰነጠቀ እንጨት ከክምሩ አንስቶ ከማሽኑ ራቅ ወዳለ መደርደሪያ ማድረስ ሌላ ነው። ከመጋዙ ጀርባ መቆም ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሊፈቀድ ይችላል፤ እሱም ሸክሙ ከታየ በኋላ። ሙሉ የኤምዲኤፍ ጣውላ፣ ማለትም 2.44 በ1.22 ሜትር ሆኖ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ስለ ሸክም የወጣው ስምምነት ቁጥር 127 ወጣቶች በእጃቸው የሚሸከሙት ክብደት ለአዋቂ ወንድ ከተፈቀደው በግልጽ ያነሰ እንዲሆን ያዛል። የኪሎውን ልክ የሚያስቀምጠው የየአገሩ ሕግ ነው። እኔ የማየው ግን ኪሎውን ብቻ አይደለም። ሰፊ ጣውላ ለብቻ ሲሸከሙት ሰውነትን ያጣምማል፣ የፊትን መንገድም ይጋርዳል። በ16 ዓመት የአጥንት ማደጊያ ጫፎች ብዙ ጊዜ ገና አልተዘጉም። እንዲህ ያለው ጣውላ በሁለት ሰው ወይም በጋሪ ይሂድ።

አሁን ወደ መጥረጉ። ባለቤቱም እርስዎም ቀላል ነው ብላችሁ የተስማማችሁበት እሱ ነው። ወለል ላይ የወደቀው ሰጋቱራ ራሱ ብዙም አያስፈራም፤ ሻካራና ከባድ ስለሆነ መሬት ይይዛል። የሚያስፈራው በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ሲላግና በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ነው በብዛት የሚነሳው። ደረቅ መጥረጊያ ሲያልፍበት እንደገና ይነሳል። ከዚያም አየር ላይ ረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል። ከሁሉ የባሰው በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ነው። ቤቱ ሲነፋ የጸዳ ይመስላል፤ ብናኙ ግን ከወለሉ ተነስቶ ወደ ሳንባ ነው የሄደው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። በተለይ ከአፍንጫና በዙሪያው ካሉ ክፍተቶች ካንሰር ጋር ይያያዛል። በሽታው ከብዙ ዓመት መተንፈስ በኋላ ነው የሚመጣው። በአንድ ክረምት ካንሰር ይይዘዋል እያልኩ አይደለም። አስሙና አለርጂው ግን ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ሰዓቱን ሁሉ የሚጠርግ ልጅ ደግሞ ከአናጺው የበለጠ ሊተነፍሰው ይችላል፤ አቧራውን የሚያስነሳው እሱ ነውና።

እንዴት ያውቃሉ? ወርክሾፑን አንድ ጊዜ ሄደው ይዩት። ወለሉን ይተዉት፣ ሁልጊዜ የቆሸሸ ነው። ከሰው ራስ በላይ ያለውን ይመልከቱ። የአምፖል ጫፍ፣ የመስኮት ደፍ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ በጣትዎ ያስምሩ። እንደ ዱቄት የሚያነሳ ብናኝ ካለ ከራስ በላይ የወጣው በአየር ተንሳፍፎ ነው። ማለት በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል። ከማሽኖቹ ጋር የተያያዘ መምጠጫ ቱቦ ካለ ጥሩ ነው። መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ይሠራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ጽዳቱ በደቃቅ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ወይም ውሃ ረጭቶ ቢሆን፣ ማሽኖቹም ቆመው ቢሆን፣ መጥረጉ ለልጅዎ የሚሆን ሥራ ሊሆን ይችላል። ጭምብል ይሰጠዋል ካሉዎት ጥሩ ነው፤ ግን ጭምብል የተከለከለን ሥራ የተፈቀደ አያደርገውም። ይህን ብዙ አሠሪዎች አያውቁም። «መከላከያ ሰጥቼዋለሁ» ይላሉ፣ ከልባቸው ነው።

ቫርኒሽና ቲነር ያለበት ክፍል ደግሞ ጥያቄም የለው። አይግባ። ብሩሽ ማጠብም ቢሆን ከቲነር ጋር መዋል ነው።

ሰዓቱ ጋ ስንመጣ ቁጥሩን አብረን እንደምረው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ማለት 10 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ምሳ ቢቀነስ 9 ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 94/33 ከ15 ዓመት በላይ ሆነው የግዴታ ትምህርት ለጨረሱ ወጣቶች የፈቀደው በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ሥራው ከአራት ሰዓት ተኩል ካለፈ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዕረፍት አለው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወጣት ሠራተኛ በቀን 7 ሰዓት ላይ ያቆማል፣ የትርፍ ሰዓትንም ይከለክላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጅ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ገደቡን ያኖረው ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ነው። እንግዲህ ያሉበትን አገር ሕግ ማየት የግድ ነው። በብዙ ቦታ ግን ይህ 9 ሰዓት ከማምሸቱ በፊት ራሱ ገደቡን አልፏል።

ማምሸቱ ሌላ ስሌት አለው። ከስምምነት 138 ጋር የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 146 ወጣት ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት እንዳይሠራ፣ ማታም ቢያንስ 12 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲያገኝ ይላል። ምክረ ሐሳብ እንደ ስምምነት አያስገድድም። ቁጥሩ ግን ከባዶ አልመጣም፤ የአውሮፓውም መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ያው 12 ሰዓት ነው የጻፈው። ልጅዎ አንድ ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢቆይና በማግስቱ 2 ሰዓት ቢገባ በመካከሉ ያለው 11 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ መንገዱን፣ እራቱንና መታጠቡን ይቀንሱ። የተረፈው እንቅልፍ ነው። በማግስቱ የሚውለው ደግሞ መጋዝ ባለበት ቤት ነው። የሰዓት ገደብና የአደገኛ ሥራ ክልከላ በሕግ ገጽ ላይ የተለያዩ አንቀጾች ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ድካም ጣት ያስቆርጣልና ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

አንድ የማይነሳ ነጥብ ላክል። ልጁ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ ተጨማሪ ሥራ ካለው ሰዓቶቹ ይደመራሉ። የአውሮፓው መመሪያ ይህን በግልጽ ጽፎታል። እያንዳንዱ አሠሪ የራሱን ብቻ ስለሚቆጥር መደመሩ በተግባር የሚቀረው ለቤተሰብ ነው።

«ታዲያ ሙያ መቼ ይማር?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። 18 እስኪሞላው መጋዝ ያልነካ ሰው አናጺ አይሆንም ብለው ባለሙያዎች ሲከራከሩኝ ኖረዋል። ሕጉም ይህን ሰምቷል። ስምምነት 138 አገሮች ከ16 ዓመት ጀምሮ አንዳንድ አደገኛ ሥራ እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል። መጀመሪያ ከአሠሪና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር መምከር አለባቸው። የልጁ ጤና፣ ደህንነትና ሥነ ምግባር ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ መሆን አለበት። ልጁም ለዚያው ሥራ የሚሆን በቂ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና ማግኘት አለበት። የአሜሪካው ሕግ ለተለማማጅና ለሙያ ተማሪ ሲፈቅድ ሁኔታውን ዘርዝሮታል። ለሙያ ተማሪው በማሽኑ ላይ የሚቆየው ለሥልጠናው ብቻ፣ አልፎ አልፎና ለአጭር ጊዜ ነው። ልምድ ያለው ሰው በቅርብ ቆሞ ያየዋል። የደህንነት ትምህርቱን ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚማር በጽሑፍ ይቀመጣል።

የልጅዎን ጉዳይ በዚህ ቢለኩት ይወድቃል። ሥልጠና የለውም፣ የጽሑፍ ዕቅድ የለውም፣ አሠልጣኝ ተብሎ የተመደበ ሰው የለውም። ለመጥረግ ተቀጥሮ ሰው ሲጎድል ማሽን ጋ የሚቆም ልጅ ተለማማጅ አይባልም። ሙያውን በእርግጥ ከፈለገ መንገዱ በሙያ ትምህርት ቤት በኩል ያለው ልምምድ ነው። ጉዳት የሚያሰጋውም በዚህ «ሰው ሲጎድል» በሚባለው ሰዓት ነው። መደበኛው ሠራተኛ ይቀራል፣ ደንበኛ ይቸኩላል፣ ልጁ እዚያው ቆሟል። ማንም ክፉ ሰው አይደለም። «ና ያዝልኝ» ይባላል።

ለባለቤቱ ምን ይበሉት? እምቢ ማለት የግድ አይደለም። ቁጭ ብላችሁ ሥራውን በወረቀት ብትለዩት ይሻላል። በአንድ በኩል የሚሠራውን ይጻፉ፦ ብሎንና ማጠፊያ መቁጠርና መደርደር፣ ያለቁ ዕቃዎችን መጠቅለል፣ በእጅ መሣሪያ መገጣጠም፣ ልኬት መመዝገብ፣ ደንበኛ መቀበል፣ ማሽኖች ቆመው በቫኪዩም ማጽዳት። በሌላው በኩል የማይሠራውን፦ ከማንኛውም የሚዞር ማሽን ፊትም ኋላም መቆም፣ ማሽን ማጽዳት፣ ሙሉ ጣውላ ለብቻ መሸከም፣ ቀለምና ቫርኒሽ ክፍል መግባት፣ በኮምፕሬሰር መንፋት። መግቢያና መውጫው ሰዓት ይጻፍ፤ ማምሸት የለም ይባል። ማሽን ሲሠራ ልጁ የማያልፈው መስመር ወለሉ ላይ በቀለም ቢሰመር ደግሞ ለሠራተኞቹም ይቀላል። «አትጠጋ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ከመጮህ ያድናል። ሌሎቹ ሠራተኞችም ይህን ይወቁ። ወረቀቱ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ «ና ያዝልኝ» የሚለው ሰው አላነበበውም።

የልደት ማስረጃውን ኮፒ ይስጡት፤ እሱም በመዝገብ ይያዘው። ስምምነት 138 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሠራተኞች ስምና ዕድሜ ያለበት መዝገብ አሠሪው እንዲይዝ ይጠይቃል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ታሪክ አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ስትከለክል የልደት ምዝገባ ገና አልነበራትም። የልጆቹ ዕድሜ በሐኪም ግምት ነበር የሚወሰነው። ጥርስ ቆጥሮ ዕድሜ መገመት ይሻላል የሚል የጥርስ ሐኪምም ተነስቶ ነበር። ዛሬም ማስረጃ የሌለው ልጅ «18 ሞልቶኛል» ካለ አሠሪው ማመኑ ይቀለዋል።

ሥራ ከጀመረ በኋላ «ዛሬ ማሽን ነካህ?» ብለው አይጠይቁት። አይ ይልዎታል። «ዛሬ ማን ቀረ? በእሱ ቦታ ማን ሠራ?» ብለው ይጠይቁት። ልብሱንም ይዩት። የታጠበ አፍንጫው ማግስቱን ሁሉ ከተደፈነ፣ ማታ ማታ ካሳለው፣ ቤት ገብቶም ጆሮው ጭው ካለበት ከተስማማችሁበት መስመር ወጥቷል። ያኔ መጀመሪያ ባለቤቱን ያነጋግሩ። ካልተስተካከለ የአካባቢዎ የሥራ ተቆጣጣሪ ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል። ክፍያው ግን እንዳይቀርበት፤ ሥራው ለዕድሜው የተከለከለ ሆኖ መገኘቱ የሠራበትን ደመወዝ አያስቀርም።

ትምህርት ሲከፈት ወረቀቱን እንደገና ይክፈቱት። በዕረፍት ጊዜ የተስማማችሁበት የሰዓት ልክ ለትምህርት ቀን አይሆንም።